የደራሮ ጌጥና የተማሪው እጅ
በዲላና በአካባቢው የመማሪያ ክፍሎች የበዓል ማስጌጫ አሠራር ላይ የቀረበ ሂስ

በጌዴኦ ዞን በጥር ወር የሚከበረው ደራሮ፣ የጌዴኦ ሕዝብ ያለፈውን ዓመት በምስጋና ሸኝቶ አዲሱን የሚቀበልበት በዓል ነው። በዚህ ዕለት ሕዝቡ ለማጌኖ፣ ማለትም ለሰማይ አምላክ፣ ምስጋና ያቀርባል፤ ለአባ ገዳውም ስጦታ ይዞ ይመጣል፤ ሽማግሌዎችም መጪውን ዘመን ይመርቃሉ። በትምህርት ቤት በኩል ሲታይ ይህ በዓል ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል የሚለይበት አንድ ነገር አለ። እነዚያ በዓላት የሚውሉት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ወይም ገና ሲጀመር ነው። ደራሮ ግን ተማሪውን የሚያገኘው በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ፣ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር ከተዋወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በዓሉን ከትምህርት ጋር አያይዞ ለመሥራት ለሚፈልግ መምህር የተመቸ ጊዜ ነው።

ሆኖም ምቹ ጊዜ መኖሩ ብቻ ሥራውን ትምህርት አያደርገውም። የተለመደው አሠራር የሚከተለው ነው። በዓሉ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ሥዕል ይሥላል፤ ወይም በካርቶን ላይ የተቀደደ ቅርጽ ያዘጋጃል። ተማሪዎቹ ቅርጹን በወረቀት ላይ እያስቀመጡ በእርሳስ ይዞሩታል፤ በታዘዙት ቀለም ይሞሉታል፤ ከቆረጡትም በኋላ ለመምህሩ ያስረክባሉ። በማግስቱ ሃምሳ ያህል ተመሳሳይ ወረቀቶች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በክር ተንጠልጥለው ይታያሉ። ጎብኚ ሲመጣ ክፍሉ ያማረ ይመስላል፤ ጌጡም «በተማሪዎች የተሠራ» ይባላል። በእርግጥ መቀሱን የያዘው የተማሪው እጅ ነው። ነገር ግን በዚያ ሥራ ውስጥ ተማሪው ስለ ደራሮ ሊያውቀው ግድ የሆነበት አንድም ነገር የለም። በሥዕሉ ፈንታ ዓሣ ቢሰጠው ኖሮ በዚያው ትጋት ዓሣ ቆርጦ ያስረክብ ነበር።

የዚህ ሂስ መነሻም ይኸው ነው። በተማሪ የተሠራ የበዓል ጌጥ የሚመዘነው በማማሩ ወይም በብዛቱ አይደለም፤ ሊሠራው ሲል ተማሪው ምን ጠይቆ፣ ምን ተመልክቶ፣ ምን አረጋግጦ መምጣት ነበረበት በሚለው ጥያቄ ነው።

የቅርጽ ቅጂ ጉዳት

በልጆች የሥነ ጥበብ ትምህርት ላይ በሰፊው የሚታወቀው ቪክቶር ሎውንፌልድ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ለልጆች እየታተሙ የሚታደሉትን ቀለም መሙያ ሥዕሎች አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። የተቃውሞው ፍሬ ነገር፣ ልጁ የሌላውን ሰው መስመር እየተከተለ ሲሞላ በራሱ እይታና በራሱ እጅ ላይ ያለውን እምነት ያጣል የሚል ነው። ውሻ ስትሥል የኖረች ልጅ የታተመውን የውሻ ሥዕል ቀለም ከሞላች በኋላ «እኔ ውሻ መሣል አልችልም» ማለት ትጀምራለች።

በደራሮ ጌጥ ላይ ከዚህ ሌላ ተጨማሪ ጉዳት አለ፤ ይኸውም የቅርጹ ስሕተት በሃምሳ ተባዝቶ ግድግዳ ላይ መውጣቱ ነው። አንድ ምሳሌ ለማየት ያህል፣ የቡና ቅርንጫፍ ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ በአንድነት ይዞ የሚታይበት ቅርጽ ይታሰብ። ቡና በአካባቢው በብዛት የሚያብበው የበልግ ዝናብ ሲጥል ነው፤ አበባው ፍሬ ሆኖ እስኪቀላ ድረስም ስምንት ወር ገደማ ይፈጃል። ጥር ሲመጣ በብዙው ቦታ ለቀማው እያለቀ ነው። ስለዚህ በደራሮ ሰሞን አበባና ቀይ ፍሬ የሞላበት ቅርንጫፍ በጓሮ አይገኝም። ይህን በመጀመሪያ የሚያውቀው ቡና ሲለቅም የከረመው ተማሪ ነው። ነገር ግን ቅርጹ ከመምህሩ ስለመጣ፣ ያየውን ትቶ የተሰጠውን ይቆርጣል። እንግዲህ በዚያች ቀን የተማረው ነገር ቢኖር፣ በትምህርት ቤት የሚሣለው ቡና ሌላ፣ በቤቱ የሚያውቀው ቡና ሌላ መሆኑን ነው።

የቦታም ስሕተት አለ። ለዲላ ወይም ለይርጋ ጨፌ አካባቢ የተዘጋጀ የቡና ጌጥ ወደ ቡሌ ደጋ ሲወሰድ ትርጉሙ ይጠፋል። በከፍተኛው ደጋ ኑሮው በእንሰትና በገብስ ላይ የቆመ ነው፤ ቡና የሚጠጣ እንጂ የሚበቅል አይደለም። የቡሌ ተማሪ ምስጋና የሚያቀርብበት ምርት በግድግዳው ላይ ከሌለ፣ ጌጡ የጎረቤቱ በዓል ጌጥ ሆነበት ማለት ነው።

ሐውልቱ በበዓሉ ግድግዳ ላይ

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ የአካባቢው ትክል ድንጋዮች ሥዕል ዞኑን በሚያስተዋውቁ ልዩ ልዩ ጽሑፎች ላይ ጎልቶ ይታያል። መምህራንም ለጌዴኦ በዓል ጌጥ ሲፈልጉ፣ በቅርብ የሚያገኙትን ይህንኑ ሥዕል ወስደው የካርቶን ሐውልት ማሠራታቸው አይቀርም። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ሊመረመር ይገባዋል። ለምሳሌ በቱቱ ፌላ የሚገኙት ድንጋዮች የቆሙት በመቃብር ላይ ነው። መቃብር የሚያመለክተውን ድንጋይ ከአበባና ከወረቀት ሰንሰለት ጋር በአዲስ ዓመት ጌጥነት መስቀል፣ ሁለቱም የጌዴኦ ምድር ስለሆኑ ብቻ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ነው። ሐውልቱ በታሪክ ትምህርት የራሱ ጊዜና የራሱ ግድግዳ ይኑረው።

የአባ ገዳውን የክብር ምልክቶች በወረቀት ሠርቶ ለልጆች ማልበስም በዚሁ ረገድ የሚታይ ነው። የሹመት ምልክት በባለቤቱ ዘንድ ክብር ያለው ነገር ነው፤ በእረፍት ሰዓት መጫወቻ ሆኖ ሜዳ ላይ ሲቀደድ ያየ ሽማግሌ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ስለ ምልክቱ ማስተማር ከተፈለገ፣ ሽማግሌ ወደ ክፍሉ ተጋብዞ እንዲያስረዳ ማድረግና ተማሪዎቹ የሰሙትንና ያዩትን እንዲሥሉ መተው ይበቃል።

አንድ የሥራ ምሳሌ፤ የዓመቱ መስመር

ነቀፌታ አማራጭ ካላቀረበ ግማሽ ሥራ ነው። ስለዚህ 50 ተማሪዎች ላሉት አንድ የ4ኛ ክፍል የሚሆን ሥራ ከነዝርዝሩ ከዚህ በታች ይቀርባል። ደራሮ ዓመት የሚታደስበት በዓል ስለሆነ፣ የሚሠራው ጌጥ ዓመቱን ራሱን የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ ቀን 1 ሳንቲ ሜትር የሆነበት ረጅም መስመር ይዘረጋል። 30 ቀን ያላቸው 12 ወራት እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካርቶን ይይዛሉ፤ ጳጉሜን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያላት ቀጭን ካርቶን ትሆናለች፤ በ4 ዓመት አንድ ጊዜም 6 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ጠቅላላው ርዝመት 3 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ነው። ተማሪዎቹ በአራት በአራት ሆነው 12 ቡድን ይሆናሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ጳጉሜን ይሠራሉ።

መስመሩ የሚጀምረው ከመስከረም ሳይሆን ከጥር፣ ደራሮ ከሚውልበት ወር ነው። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ተማሪው በመማሪያ መጽሐፉ ዓመት በመስከረም እንደሚጀምር ተምሯል፤ አሁን ደግሞ በጥር የሚታደስ ዓመት ያያል። «ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መምህሩ መልሱን ከመስጠት ይልቅ፣ ጥያቄውን ወደ ቤት ወስደው ሽማግሌ እንዲጠይቁ ቢያደርግ፣ ዓመት የሚቆጠረው ሰው ሥራውንና ምስጋናውን በሚያሳርፍበት ቦታ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ሥራው በሁለት ሳምንት ውስጥ 40 ደቂቃ የሆኑ አምስት ክፍለ ጊዜዎችን ይወስዳል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መቀስም ሙጫም አይነካም። እያንዳንዱ ቡድን ወሩን በዕጣ ይወስድና ለቤተሰብ የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎችን በደብተሩ ይጽፋል፤ በዚህ ወር ሰማዩ እንዴት ነው? በጓሮና በእርሻ ምን ይሠራል? በቤት ውስጥ ምን ይበላል ወይም ምን ይጎድላል? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ አይታለፍ። ምስጋና የሚታወቀው ጉድለት ሲታወቅ ነውና፣ የጥጋቡን ወር ብቻ የሚያሳይ መስመር የበዓሉን ምክንያት አያሳይም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ያመጡትን መልስ ያነጻጽራሉ። መልሶቹ እንደማይስማሙ መምህሩ አስቀድሞ ይወቅ። ከዝቅተኛው ቦታ የሚመጣው ልጅ የቡና ለቀማ በጥቅምት ተጀመረ ሲል፣ ከፍ ካለው ቦታ የሚመጣው በኅዳር ወይም ከዚያ በኋላ ነው ሊል ይችላል። ቡና በሞቃቱ ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ፣ በቀዝቃዛው ከፍተኛ ቦታ ዘግይቶ ስለሚበስል ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ቡድኑ አንዱን ሰርዞ ሌላውን እንዳይወስድ፣ ሁለቱንም በየወራቸው ከነቦታቸው እንዲያሳይ ይደረጋል። የመምህሩ ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ክፍለ ጊዜ ከተዘለለ የቀረው የእጅ ሥራ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ክፍለ ጊዜ የመሥሪያ ናቸው። ካርቶኑ ከሱቅ ከሚጣሉ ሣጥኖች ይገኛል። ለምስሉ የሚያገለግሉት ነገሮች ደግሞ ከአካባቢው የሚለቀሙ ናቸው፤ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ ቃጫ፣ የቡና ገለባ፣ የገብስ አገዳ፣ አፈርና ከሰል። ከእንሰቱ የሚወሰደው በግንዱ ላይ ደርቆ የተንጠለጠለው አሮጌ ቅጠል ብቻ ይሁን። ለጌጥ ሲባል እርጥብ ቅጠል መቁረጥ ተክሉን መጉዳት ነው። ቀይ የቡና ፍሬም እንዲሁ የቤተሰብ ገንዘብ ስለሆነ፣ ተማሪ በኪሱ ሞልቶ እንዲያመጣ አይታዘዝም።

የደረቀ የእንሰት ቅጠል እንዳለ ቢታጠፍ ይሰባበራል። በሥራው ዋዜማ በእርጥብ ጨርቅ ታሽቶ በጋዜጣ መካከል ይደረግና ድንጋይ ተጭኖበት ይደር፤ በማግስቱ ለስልሶና ተዘርግቶ በመቀስ ይቆረጣል። ሙጫው ከስንዴ ዱቄት ይዘጋጃል። አንድ ኩባያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ጓል እስኪጠፋ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በአራት ኩባያ የፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመርና ነጭነቱ ቀንሶ እስኪወፍር ጥቂት ደቂቃ ይበስላል። ይህን የሚያበስለው መምህሩ ነው። ሙጫው ከሁለት ቀን በላይ ስለማይቆይ ለየክፍለ ጊዜው አዲስ ይሠራል።

በሙጫ አጠቃቀም የሚታየው ችግር መብዛቱ ነው። ካርቶን በአንድ ፊቱ ብቻ ሲረጥብ በሚደርቅበት ጊዜ ወደዚያው ፊት ይጎብጣል። መድኃኒቱ በጀርባው ላይ አንድ ወረቀት በዚያው ሙጫ መለጠፍና ድንጋይ ጭኖ ማድረቅ ነው። ሙጫው በጭቃ ግድግዳ ላይ አይያዝም፤ በሲሚንቶ ግድግዳም ላይ ምልክት ትቶ ይላቀቃል። ስለዚህ ካርቶኖቹ በላይና በታች በተዘረጉ ሁለት የቃጫ ገመዶች መካከል ይታሰራሉ። አንድ ገመድ ብቻ ከሆነ በር በተከፈተ ቁጥር ይገለባበጣሉ። አንዱ ካርቶን ከሌላው ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ይግጠም፤ ክፍተት ከተተወ የቀኖቹ ልኬት ይፈርሳል። ቁመቱም በልጆቹ ዓይን ትክክል ይሁን እንጂ በጣሪያው ሥር አይሁን።

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ትምህርቱ በጌዴኦኛ በሚሰጥበት ክፍል ጽሑፉ በጌዴኦኛ ይሁን፤ የሽማግሌው ቃል በተነገረበት ቋንቋ ሲጻፍ ሳይጎድል ይቀመጣልና። በዲላ ከተማ ግን ክፍሉ የልዩ ልዩ ብሔረሰብ ልጆች የሚገናኙበት ስለሆነ፣ ከሌላ ቤተሰብ የመጣው ልጅ በራሱ ቤት ያንን ወር የሚያስታውቀውን ነገር እንዲጽፍ ቦታ ይሰጠው። ጽሑፉን መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ በግድግዳው ላይ አያርመው፤ እርማቱ በደብተር ላይ ቀድሞ ይለቅ።

ሥራው መሳካቱ በምን ይታወቃል?

መመዘኛው ቀላል ነው። መምህሩ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኖ ከቡድኑ አንዱን ልጅ ይጠይቅ፤ ይህን ማን ነገረህ? ጎረቤትህ ያለው ወር ከአንተ በፊት ለምን መጣ? በየካቲት ያለውን ነገር ወደ ነሐሴ ብንወስደው ምን ይበላሻል? ልጁ የነገረውን ሰው ጠርቶ ምክንያቱን ከተናገረ፣ ሥዕሉ ጠማማ ቢሆን እንኳ ሥራው ተሳክቷል። «መምህር ሥሩ ስላሉን ነው» ካለ ግን፣ ካርቶኑ የቱንም ያህል ቢያምር ቅጂ ነው። ሌላው ምልክት ከሩቅ ይታያል፤ 12ቱ ካርቶኖች ተመሳሳይ ከሆኑ፣ መምህሩ ሳይታወቀው ቅርጽ ሰጥቷል ማለት ነው።

የጌጡ ወሰን

ሁለት ወሰኖች መጠቀስ አለባቸው። የመጀመሪያው የግድግዳው መጠን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ስድስት የሳይንስ ትምህርቶች አስተማሩ፤ ከትምህርቶቹ ግማሹ የተሰጠው ግድግዳው በጌጥ በተሞላ ክፍል፣ ግማሹ ደግሞ ባዶ በሆነ ክፍል ነበር። በኋላ በተሰጠው ፈተና በባዶው ክፍል የተማሩትን በአማካይ 55 ከመቶ፣ በተሞላው ክፍል የተማሩትን 42 ከመቶ መለሱ። ልጆቹ በተሞላው ክፍል ውስጥ ከትምህርቱ ይልቅ ግድግዳውን ሲመለከቱ ተገኝተዋል። ጥናቱ በጥቂት ትናንሽ ልጆች ላይ የተደረገ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ለ4ኛ ክፍል እንዳለ መውሰድ አይገባም። ነገር ግን የሚያስጠነቅቀው ነገር ግልጽ ነው። የጥቁር ሰሌዳው ግድግዳ ነጻ ይሁን፤ የዓመቱ መስመር በጎን ወይም በኋላ ግድግዳ ይሰቀል፤ በዓሉ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይውረድ። እስከ ሰኔ ድረስ አቧራ ለብሶ የሚቆይ ጌጥ ማንም አያነበውም። የወረዱት ካርቶኖች በሣጥን ተቀምጠው በሚቀጥለው ዓመት ለአዲሶቹ ተማሪዎች ቢታዩ፣ አዲሶቹ እንዳይገለብጡ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ይሁን።

ሁለተኛው ወሰን የእምነት ነው። ደራሮ ለማጌኖ ምስጋና የሚቀርብበት በዓል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከዞኑ ነዋሪ የሚበዛው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ በዓሉን በሙሉ ልብ የሚያከብር ቤተሰብና «ልጄ በዚያ አይሳተፍ» የሚል ቤተሰብ ይገኛሉ። መምህሩ የሁለቱንም ልጆች በአደራ ተቀብሏል። የሚያስተምረው ሕዝቡ ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርግ ነው፤ ልጆቹን ምርቃት ማስደገም ወይም ስጦታ ማስረከብን በክፍል ውስጥ ማስመሰል የእሱ ሥራ አይደለም። የዓመቱ መስመር በዚህ በኩል የሚጠቅመው፣ ዝናቡ፣ እንሰቱና ቡናው የሁሉም ቤት ስለሆኑ ነው። በዓሉን የማያከብረው ልጅም የነሐሴን ብርድና የኅዳርን ለቀማ ያውቃል፤ አያቱንም ሊጠይቅ ይችላል። «ደራሮ በዚህ ቀን ይከበራል» የሚለው በ1 ሳንቲ ሜትሯ ላይ የሚጻፍ ዕውቀት ነው፤ በዕለቱ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ቤተሰቡ ይወስናል።

በማሠልጠኛ ኮሌጆች የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ትምህርት ሲሰጥ፣ ዕጩ መምህሩ የሚያስረክበው የተቆረጠ ቅርጽ ብዛት እየታየ ማርክ ሊሰጠው ይችላል። ያ ዕጩ ወደ ክፍል ሲገባ የሚያደርገውም ያንኑ ነው። ዕጩው ከሚያስረክበው ጌጥ ጋር ተማሪዎቹ ለቤተሰብ የሚያቀርቧቸውን ጥያቄዎችና የማይስማሙትን መልሶች እንዴት እንደሚያስታርቅ ጽፎ እንዲያቀርብ ቢጠየቅ፣ የሚታረመው ከምንጩ ነው። መቀስ መያዝ በአንድ ቀን ይለመዳል፤ ጥያቄ ማዘጋጀት ግን ልምምድ ይፈልጋል።